ባቄላ፣ የወባ ክኒን እና የእስረኞቹ ደም

ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የላቦራቶሪ ሰዎች አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ አለብን። አንድ ሰው መድኃኒት ወሰደ፣ ደሙ ፈረሰ፣ ሽንቱ ጠቆረ። ሐኪሙ «የጂ6ፒዲ እጥረት ነው» ብሎ ጠርጥሮ ደሙን ላከልን። መረመርነው፣ «ኖርማል» ብለን መለስን። ከሦስት ወር በኋላ የዚያኑ ሰው ደም በዚያው ዘዴ ብንመረምረው እጥረቱ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ባለሙያውም አልተሳሳተ። ታዲያ ምንድን ነው የሆነው? የዚህ መልስ የተገኘው በ1950ዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ እስር ቤት ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ምርመራውን አይረሳውም፤ ስለዚህ በታሪኩ በኩል እንሂድ።

መጀመሪያ ስለ ባቄላው። በሰርዴኒያና በሲሲሊ ደሴቶች፣ በግሪክም፣ ባቄላ በሚደርስበት በጸደይ ወራት አንዳንድ ልጆች እሸት ከበሉ በኋላ ባንድ ወይ በሁለት ቀን ውስጥ ይገረጣሉ፣ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል፤ የሚሞትም ነበር። ጣልያኖች «ፋቪዝሞ» ይሉታል፣ «ፋቫ» ማለት ባቄላ ነው። የጥንቱ ፓይታጎረስ ተከታዮቹን ባቄላ እንዳይበሉ ይከለክል ነበር የሚለውን ወሬም ከዚህ ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ ያ ግምት ነው። ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነበር፦ አንድ ማዕድ ላይ አምስት ልጆች አንድ ዓይነት ባቄላ በልተው አንዱ ብቻ ይታመማል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች አለርጂ ነው ብለው አሰቡ።

አሁን ወደ ክኒኑ። በ1920ዎቹ አጋማሽ የጀርመን ኬሚስቶች ፓማኩዊን የተባለ የወባ መድኃኒት ሠሩ፤ የንግድ ስሙ ፕላዝሞኪን ነበር። ወዲያው በመካከለኛው አሜሪካ የሙዝ እርሻዎች ላይ ለሠራተኞች ሲሰጥ አንዳንዶቹ ደማቸው መፍረሱ ተመዘገበ። እዚህም ያው ነገር ነው፦ አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም፣ ጥቂቱ ይወድቃል። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጃፓን በ1942 ጃቫን ስትይዝ የዓለም የኪኒን ምንጭ ተዘጋ። የአሜሪካ ጦር ደግሞ በፓሲፊክ ደሴቶች በወባ እየረገፈ ነበር። አዲስ መድኃኒት ተፈለገ፤ መድኃኒት ደግሞ በሰው ላይ መሞከር አለበት። በ1944 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከጦሩ ጋር ሆነው በኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው ስቴትቪል እስር ቤት ውስጥ የምርምር ክፍል ከፈቱ። ኃላፊው አልፍ አልቪንግ ይባላል። እስረኞቹ ፈርመው የገቡ ናቸው፤ በወባ ትንኝ ይነከሳሉ፣ ይታመማሉ፣ ከዚያ አዲሶቹ መድኃኒቶች ይሰጧቸዋል። ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፣ የአመክሮ ተስፋም ነበራቸው። እስር ላይ ያለ ሰው «እሺ» ሲል እውነት በፈቃዱ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ያን ጊዜም ተነስቷል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በኑረምበርግ የተከሰሱት የናዚ ሐኪሞች ጠበቆች «እናንተስ በእስረኞች ላይ ሞክራችሁ የለ?» ብለው ስቴትቪልን ጠቅሰው ተከራክረዋል። የሁለቱ ነገር አንድ ባይሆንም ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሳላነሳው ማለፍ አልፈለግሁም።

ከእነዚያ ሙከራዎች ፕሪማኩዊን ወጣ። ዛሬም በየጤና ጣቢያችን ያለው መድኃኒት ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል፤ የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ነው። የኮሪያ ጦርነት ወታደሮች ወደ አሜሪካ ሲመለሱ በመርከብ ላይ እያሉ በቀን 15 ሚሊግራም ለ14 ቀን የተሰጣቸው ለዚሁ ነበር።

ስቴትቪል ውስጥ በቀን 30 ሚሊግራም ሲሰጥ ግን የድሮው ነገር ተመለሰ። ከጥቁር እስረኞች ከአሥሩ የአንዱ ገደማ ደም ፈረሰ። የዚያን ዘመን አሜሪካዊ ሐኪም እዚህ ላይ ቆሞ «የጥቁሮች ጠባይ ነው» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ይችል ነበር። የአልቪንግ ቡድን ግን የተሻለ ጥያቄ ጠየቀ፦ ጥፋቱ ያለው የት ነው? ሕዋሱ ውስጥ ነው ወይስ ሕዋሱ የሚዋኝበት ሰውነት ውስጥ?

መልሱን ያገኙበት መንገድ ቀላልና ውብ ነው። ሬይመንድ ደርንና ጓደኞቹ መድኃኒቱ ከሚያጠቃው እስረኛ ጥቂት ደም ቀድተው ቀይ የደም ሕዋሶቹን ክሮሚየም-51 በተባለ ጨረራማ ንጥረ ነገር ምልክት አደረጉባቸው። ከዚያ የደም ዓይነቱ ለሚስማማ፣ መድኃኒቱ ምንም ለማያደርገው ሰው ሰጡት። ተቀባዩ ፕሪማኩዊን ሲወስድ የራሱ ሕዋሶች ደህና ሆነው የእንግዶቹ ብቻ ረገፉ። ቀጥለው ገለበጡት፦ የደህናውን ሰው ሕዋስ ምልክት አድርገው ለሚጠቃው ሰው ሰጡ። መድኃኒቱን ሲወስድ የራሱ ሕዋሶች ፈረሱ፣ እንግዶቹ ደህና ቆዩ። አለቀ! ጥፋቱ ጉበቱም ላይ አይደለም፣ ጣፊያውም ላይ አይደለም፣ አለርጂም አይደለም። ቀይ ሕዋሱ ራሱ ውስጥ ነው። ይህ በ1954 ታተመ።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያስገርማል፤ የእኛ የላቦራቶሪ እንቆቅልሽም የተፈታው እዚህ ላይ ነው። የእስረኛው ደም መፍረስ የሚጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ሄሞግሎቢኑ ለአንድ ሳምንት ያህል ይወርዳል። ከዚያ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ በየቀኑ ያንኑ 30 ሚሊግራም እየዋጠ፣ መልሶ መውጣት ይጀምራል! በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰውየው መድኃኒቱን «ለመደው» ማለት ነው?

ኧርነስት ቦይትለር የሚባል ወጣት ሐኪም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። እነ ቦይትለር እንዲህ አደረጉ፦ ለእስረኛው ጨረራማ ብረት ሰጡት። ብረቱ የሚገባው መቅኔ በዚያ ሰሞን በሚሠራቸው አዲስ ሕዋሶች ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ሰሞን የተወለዱ ሕዋሶች ሁሉ ምልክት ይኖራቸዋል። እነዚያ ሕዋሶች ከ8 እስከ 21 ቀን ዕድሜ ላይ ሳሉ ፕሪማኩዊን ሲሰጥ ምንም አልሆኑም። ከ63 እስከ 76 ቀን ሲሞላቸው ሲሰጥ ግን ረገፉ። መድኃኒቱ የሚጨርሰው ሽማግሌዎቹን ነው። ወጣቶቹ ይተርፋሉ፣ መቅኔም በፍጥነት አዳዲስ ይልካል፤ ደሙ በሙሉ ወጣት ስለሚሆን መድኃኒቱ የሚገድለው ያጣል። ሰውየው አለመደም፣ ደሙ ነው ወጣት የሆነው።

የቀረው «ሽማግሌው ሕዋስ ምን አጣ?» የሚለው ነው። ቦይትለር የእነዚህ ሰዎች ቀይ ሕዋስ ግሉታታዮን የተባለው መከላከያ እንደሚያንሰው አየ። በ1956 ደግሞ ፖል ካርሰንና የዚያው ቡድን ጓደኞቹ የጎደለው ኢንዛይም ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ መሆኑን አሳተሙ። ባጭሩ ጂ6ፒዲ የምንለው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀይ ሕዋስ ኦክስጅን ተሸክሞ ስለሚኖር ሁልጊዜ የመዛግ አደጋ አለበት፤ ልክ እንደ ብረት። ግሉታታዮን ዝገቱን ይጠርጋል፣ ከጠረገ በኋላ ግን ራሱ መታደስ አለበት። የሚያድሰው ኤንኤዲፒኤች የሚባል ሞለኪውል ነው፤ ቀይ ሕዋስ ደግሞ ይህን የሚያገኘው በጂ6ፒዲ መንገድ ብቻ ነው። ሌሎች ሕዋሶች ሌላ መንገድ አላቸው፤ ኢንዛይም ሲያልቅባቸውም አዲስ ይሠራሉ። ቀይ ሕዋስ ግን ኒውክሊየስ የለውም፤ ከመቅኔ ሲወጣ በተሰጠው ስንቅ ነው 120 ቀን የሚኖረው። ደህናው ሰው ላይ የዚህ ስንቅ ግማሹ የሚያልቀው በ62 ቀን ገደማ ነው። ስቴትቪል በነበሩት ጥቁር እስረኞች ላይ የታየው፣ ዛሬ ኤ-ማይነስ የምንለው ዓይነት፣ በ13 ቀን ገደማ ግማሹ ያልቃል። በሜዲትራኒያኑ ዓይነት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚያልቀው።

ባቄላውስ? ባቄላ ውስጥ ቫይሲንና ኮንቫይሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ሆድ ውስጥ ሲፈጩ ልክ እንደ ፕሪማኩዊን ቀይ ሕዋስን የሚያዝጉ ነገሮች ይወጣቸዋል። በእሸቱ ውስጥ ብዙ ነው። ኢንዛይሙ ከታወቀ በኋላ በጣልያንና በእስራኤል ባቄላ የሚያጠቃቸውን ሰዎች ሲመረምሩ ያው እጥረት ተገኘ። «የጥቁሮች ጠባይ» የተባለው ነገር የሰርዴኒያ ገበሬ ልጅም፣ የኩርዲስታን አይሁዳዊም ሆኖ ተገኘ። የሚያገናኛቸው ቆዳቸው ሳይሆን ወባ ነው፤ አያቶቻቸው ወባ ባለበት አገር ስለኖሩ፣ ከወባ በመጠኑ የሚከላከለው ይህ ባሕርይ በትውልድ ውስጥ በዛ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። ለማስተማር ራሴ ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፣ የማንም ታካሚ ፋይል አይደለም። አንድ የ25 ዓመት ወጣት ከቆላ የቀን ሥራ ተመልሶ ቫይቫክስ ተገኘበት እንበል። ክሎሮኪንና በቀን 15 ሚሊግራም ፕሪማኩዊን ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ኮካ ኮላ መሰለ፣ ወገቡን አመመው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሲጀምር 13.8 የነበረው ሄሞግሎቢን በስድስተኛው ቀን 8.4 ሆኗል።

ምን እናያለን? ቢሊሩቢኑ 4.2 ነው፣ ከዚያ ውስጥ ቀጥተኛው 0.5 ብቻ። ይህ ጉበት ሳይሆን የደም መፍረስ ነው ይላል። ኤልዲኤች ከፍ ብሏል። የሽንት ስትሪፑ «ደም ሦስት መስቀል» አለ፣ በማይክሮስኮፕ ግን ሽንቱ ውስጥ ቀይ ሕዋስ የለም፤ የፈሰሰው ሕዋሱ ሳይሆን ባዶ ሄሞግሎቢን ነው ማለት ነው። ኩምብስ ኔጋቲቭ ነው፣ ስለዚህ የፀረ-እንግዳ አካል ሥራ አይደለም። ስላይዱን ስናይ ጫፋቸው የተገመጠ ዳቦ የመሰሉ ሕዋሶች አሉ። የዛገው ሄሞግሎቢን ረግቶ ከግድግዳው ላይ ሲጣበቅ ጣፊያ ያንን ቁራጭ ገምጣ ታወጣዋለች፤ ያየነው የንክሻዋን ቦታ ነው። የረጋው ራሱ ሃይንዝ ቦዲ ይባላል። በጊምሳ አይታይም! ትኩስ ደም በሜቲል ቫዮሌት ሳይደርቅ መቀባት አለበት፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚገኘው፣ ቆይቶ ጣፊያ ትጠርገዋለች።

በሰባተኛው ቀን ለጂ6ፒዲ ደም ተላከ። ብዙ ቦታ የሚሠራው በፍሎረሰንት ጠብታ ነው፤ ይህንንም በ1960ዎቹ ያወጣው ያው ቦይትለር ነው። ደሙ ግሉኮስ-6-ፎስፌትና ኤንኤዲፒ ካለበት ሪኤጀንት ጋር ይቀላቀላል፤ በዜሮ፣ በ5 እና በ10 ደቂቃ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ ከደረቀ በኋላ በአልትራቫዮሌት መብራት ይታያል። ኢንዛይም ካለ ኤንኤዲፒኤች ይሠራል፣ ጠብታው ያበራል። ከሌለ ጨለማ ነው። የወጣታችን ጠብታ አበራ። «ኖርማል» ተባለ።

እዚህ ላይ ስቴትቪልን አስታውሱ። ያ ጠብታ የማን ደም ነው? ሽማግሌዎቹ ኮ ሞተዋል! ቱቦው ውስጥ የቀሩት ከጥፋቱ የተረፉና መቅኔ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የላካቸው ናቸው። የወጣቱ ሬቲኩሎሳይት 14 በመቶ ነው። እነዚህ ስንቃቸው ገና አላለቀም። በቁጥር ብንለካው ደህና ጊዜ ከጤነኛው 8 ዩኒት ላይ 1 ብቻ የነበረው አሁን 4.5 ሊያሳይ ይችላል። ጠብታ የሚጨልመው ከጤነኛው 30 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን ነው፤ 4.5 ያበራል። ስለዚህ ምርመራው አልዋሸም፤ እኛ ነን የሞቱትን ሳይቆጥር በሕይወት ያሉትን ብቻ እንዲቆጥር የጠየቅነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? የጂ6ፒዲ ውጤትን ሬቲኩሎሳይት ሳያዩ ማንበብ አይገባም። 14 በመቶ ሬቲኩሎሳይት ያለበት የጤነኛ ሰው ደም ከተለመደው በላይ ኢንዛይም ማሳየት አለበት፤ «መካከለኛ» ወይም «ለጥቂት ኖርማል» ከወጣ ያ ራሱ ጥርጣሬ ነው። አቅም ባለበት ቦታ እንደ ፓይሩቬት ካይኔዝ ያለ ሌላ ከዕድሜ ጋር የሚቀንስ ኢንዛይም አብሮ ይለካል፤ እሱ በጣም ከፍ ብሎ ጂ6ፒዲ ካልተከተለው እጥረቱ ተጋለጠ። ደሙን ሴንትሪፊዩጅ አድርጎ ታች የተኙትን ከባዶቹን አሮጌ ሕዋሶች መመርመርም ይረዳል። ምንም ከሌለ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ከሦስት ወር በኋላ መድገም። እስከዚያ ሰውየውን እጥረት እንዳለበት መቁጠር። ደም ተሰጥቶት ከሆነም የምንመረምረው የለጋሹን ሕዋስ ነው፤ ያንንም ጠይቁ።

የእናቲቱን ልጆች መመርመርም ጥሩ ፍንጭ ነው። ዘሩ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ የወጣቱ ወንድም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላላቸው ደማቸው ዝንጉርጉር ነው፣ አንዱ ሕዋስ ደህና፣ አንዱ ጎዶሎ። ጠብታው ላይ ያበራሉ፤ ግማሹ ሕዋሳቸው ግን ሊፈርስ ይችላል። «አበራ» ማለት «ምንም አይሆንም» ማለት አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ስቴትቪል ያስተማረን «በራሱ ይቆማል» የሚለው ነገር ለኤ-ማይነስ ነው። በሜዲትራኒያኑ ዓይነት ወጣቱም ሕዋስ ስንቅ የለውም፤ ስለዚህ ፍርሰቱ ይከብዳል፣ በራሱ ይቆማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በአንጻሩ በዚያኛው ዓይነት በችግሩ መካከልም ቢመረመር እጥረቱ ብዙውን ጊዜ ይታያል። የሚያታልለን ቀላሉ ዓይነት ነው።

ይህ የሙዚየም ታሪክ አይደለም። ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ዳፕሶን ያለበት ላፕዳፕ የሚባል የወባ መድኃኒት በ2003 ተመዝግቦ በ2008 ከገበያ ወጣ፤ ምክንያቱ ጂ6ፒዲ የሚያንሳቸው ሕፃናት ደም መፍረስ ነው። ከስቴትቪል ሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእኛ አገርም ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ሁለቱም አሉ፣ ፕሪማኩዊን ይሰጣል፣ ባቄላም የየቤታችን ነው፤ እሸቱ ጥሬውን ይበላል፣ በጾም ደግሞ ከሽሮ ጋር ይመጣል። ደገኛው ባቄላ አምርቶ ሲበላ ኖረ፣ ወባው ግን ቆላ ነው። ለዚህ ይመስለኛል እንደ ሰርዴኒያ ገጠር «ባቄላ ገደለ» የሚል ወሬ በእኛ ዘንድ ያልበዛው። አሁን ግን ሰው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ይሄዳል። አንድ ልጅ እሸት በልቶ በማግሥቱ ሽንቱ ከጠቆረ «ጉበት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ላቦራቶሪ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ነገ የጂ6ፒዲ ውጤት ስትጽፉ ከሥሩ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ የሬቲኩሎሳይቱን ቁጥርና ደሙ የተቀዳው ፍርሰቱ በጀመረ በስንተኛው ቀን እንደሆነ። ሐኪሙ እነዚህን ካየ «ኖርማል» የሚለውን ቃል በልኩ ያነበዋል። ይህንን ያወቅነው ስማቸው በመጽሔቱ ላይ ያልተጻፈ ሰዎች እስር ቤት ውስጥ ክኒን እየዋጡ ደማቸው ሲፈርስ በየቀኑ ስለተቆጠረ ነው።

ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍልኝ፣ እመልሳለሁ።